ጀበናውን ከአንሶላው መለየት፦ በጊምፕ ወይስ በፎቶፒ?

የፎቶ ባክግራውንድ ማጥፋት ሲጀምሩት የሚያስቸግር አይመስልም። ነጩን ቦታ በማውስ ነክቶ Delete መጫን ነው፤ እውነትም ይጠፋል። ጣጣው የሚመጣው ቆይቶ ነው። ዕቃው ሌላ ቀለም ላይ ሲቀመጥ ዙሪያውን ቀጭን ነጭ ክር ይዞ ይወጣል፣ እጀታው ውስጥ የአንሶላ ቁራጭ ተሰክቶ ይቀራል፣ ወይም ጠፋ የተባለው ነጭ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ሥራ የቆየ ሰው ጊዜው የሚያልቀው ዕቃውና ባክግራውንዱ በሚገናኙባት፣ ስፋቷ ሁለትና ሦስት ፒክስል በማይሞላ ጠርዝ ላይ ነው። ጊምፕና ፎቶፒ የሚለያዩትም በዋናነት ይህችን ጠርዝ በሚይዙበት መንገድ ነው።

የምንሠራበት ፎቶ የአንድ ጥቁር ጀበና ነው። ሰፈራችን ውስጥ ጀበና፣ ረከቦትና ሲኒ በቴሌግራም ቻናል የምትሸጥ ሴት በስልኳ ያነሳችው ሲሆን፣ ከጀርባው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነጭ አንሶላ አለ። «አንሶላው ይጥፋልኝና ጀበናው ብቻውን ይቅር፤ ከዚያ ያሻኝ ቀለም ላይ አስቀምጠዋለሁ» ነው ያለችው። ለጀማሪ ጥሩ መለማመጃ ነው። ጥቁሩ ዕቃ ነጭ ላይ ስላለ ኮምፒውተሩ ሁለቱን በቀላሉ ይለያቸዋል። ሁለት ወጥመድ ግን አለው፦ እጀታው ከአንገቱ ጋር ቀለበት ሠርቶ በመሃሉ አንሶላው ይታያል፤ ከሥሩ ደግሞ ጥላ ወድቋል።

ጊምፕ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነፃ ፕሮግራም ነው። ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ የተባሉ ሁለት የበርክሌይ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመሩት ሲሆን፣ ዛሬ በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች ያሳድጉታል፤ 3.0 የሚባለው ስሪት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። ከgimp.org ሲያወርዱት በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ ግን ኢንተርኔት አይፈልግም። ፎቶፒ የኢቫን ኩትስኪር ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አለ። የሚጫን ነገር የለውም፤ ብራውዘር ላይ photopea.com ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። መመዝገብም አያስፈልግም፤ ወጪውን የሚሸፍነው ከጎን በሚያሳየው ማስታወቂያ ነው። መልኩ ፎቶሾፕን ስለሚመስል ፎቶ ቤት የሠራ ሰው ወዲያው ይለምደዋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ፦ ፎቶፒ ላይ ከኮምፒውተርዎ የከፈቱት ፎቶ ወደ ሌላ ቦታ አይላክም። ሥራው የሚሠራው በራስዎ ማሽን ላይ፣ ብራውዘሩ ውስጥ ነው። ገጹ አንዴ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ እንኳ መራጩም ብሩሹም መሥራታቸውን ይቀጥላሉ።

ወደ ፕሮግራሞቹ ከመግባታችን በፊት ስለ ፎቶው አንድ ነገር። ሴትየዋ ፎቶውን በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ብትልከው ቴሌግራም ይጨምቀዋል። የተጨመቀ ፎቶ በስልክ ሲታይ ያው ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ጠርዙ አካባቢ ሲያጎሉት ግን ጥቁሩና ነጩ በሚገናኙበት መስመር ላይ ቡናማና ግራጫ ነጠብጣቦች ተበትነው ይታያሉ። ያ ነጠብጣብ የጀበናውም የአንሶላውም አይደለም፤ የትኛውም ፕሮግራም ወዴት እንደሚመድበው አያውቅም። ስለዚህ ፎቶው እንደ ፋይል ይላክ። በዩኤስቢ ገመድ ቢመጣም ጥሩ ነው።

በጊምፕ

ፎቶውን በFile ከዚያም በOpen ይክፈቱት። በቀኝ በኩል ሌየሮች የሚዘረዘሩበት ሳጥን አለ፤ ፎቶው እዚያ አንድ ሌየር ሆኖ ይቀመጣል። መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ጀማሪ ሁሉ የሚዘለው ነው፦ Layer፣ ከዚያ Transparency፣ ከዚያ Add Alpha Channel። ከስልክ የመጣ ፎቶ ጄፔግ ነው፤ ጄፔግ ደግሞ ለእያንዳንዱ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መጠን ከመያዝ በቀር «ይህ ፒክስል ባዶ ነው» የሚልበት ቦታ የለውም። አልፋ ቻናል ማለት ያ ቦታ ነው። እሱን ሳይጨምሩ Delete ቢጫኑ ጊምፕ ባዶ ሊያደርገው ስለማይችል በባክግራውንድ ቀለሙ ይቀባዋል። ያ ቀለም ብዙውን ጊዜ ነጭ ነው። ነጭ አንሶላ አጥፍቶ ነጭ ቀለም ሲመጣ ሰው ፕሮግራሙ እምቢ ያለ ይመስለዋል። በትክክል ባዶ የሆነ ቦታ በግራጫ ዳማ ይታያል፤ ዳማው ካልታየ አልጠፋም።

ቀጥሎ ከመሣሪያዎቹ Fuzzy Select የሚባለውን ይምረጡ፤ ከኪቦርድ U ነው። ይህ መሣሪያ ጠቅ ያደረጉትን ፒክስል ቀለም ወስዶ፣ ከሱ ጋር ተያይዘው ያሉትንና የሚመስሉትን ሁሉ ይሰበስባል። ምን ያህል መምሰል እንዳለባቸው የሚወስነው Threshold የሚባለው ቁጥር ሲሆን መጀመሪያ 15 ላይ ነው። የተሰቀለ አንሶላ ደግሞ ወጥ ነጭ አይደለም፤ እጥፋት አለው፣ በመስኮት በኩል ያለው ወገኑ ይበራል፣ ሌላው ወገኑ ግራጫ ነው። በ15 ጠቅ ሲያደርጉ የአንሶላው ግማሽ ብቻ ይመረጣል። ቁጥሩን እየቀየሩ ደጋግሞ ከመሞከር ይልቅ አንሶላው ላይ ጠቅ አድርገው ማውሱን ሳይለቁ ወደ ታች ይጎትቱ፤ ሲጎትቱ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ የሚንቀሳቀሰው የነጠብጣብ መስመርም እየሰፋ ይሄዳል። መስመሩ ጀበናውን እስኪከብ ይጎትቱና ይልቀቁ።

እስከ የት ይጎተታል? ምልክቱ የጀበናው ሆድ ነው። ጥቁር ሸክላ ጉልበት ያለው ብርሃን ሲያርፍበት በአንድ በኩል ነጭ ነፀብራቅ ይኖረዋል። ነፀብራቁ እስከ ጠርዙ ከደረሰ፣ ቁጥሩ ሲበዛ የነጠብጣቡ መስመር በዚያች ቀዳዳ ሾልኮ ሆዱ ውስጥ ይገባል። ይህን ሲያዩ ትንሽ ይመልሱት። አንድ ሁለት የአንሶላ እጥፋት ሳይመረጥ ቢቀር ችግር የለውም፤ Shift ይዘው ጠቅ በማድረግ ያንን ቦታ ብቻ ይጨምሩ። ከልክ በላይ የመረጠን ከማስተካከል ያነሰውን መጨመር ሁልጊዜ ይቀላል።

አሁን እጀታው። መሣሪያው የሚሰበስበው ተያይዞ ያለውን ቀለም ብቻ ስለሆነ፣ በእጀታው ቀለበት ውስጥ ያለው አንሶላ በጀበናው ታጥሮ ሳይመረጥ ቀርቷል። Shift ይዘው እዚያም ጠቅ ያድርጉ። ይህን የረሳ ሰው ጀበናውን ቀይ ላይ ሲያስቀምጠው እጀታው ውስጥ ነጭ ጨረቃ ያገኛል።

ጥላው ላይ ግን ቀለምን የሚያምን መሣሪያ ይሸነፋል። ከጀበናው ሥር ጥላው ወደ ጥቁር ስለሚጠጋ ሸክላው የት አልቆ ጥላው የት እንደጀመረ ለኮምፒውተሩ አይታየውም። ለእርስዎ ግን ይታያል፤ የጀበና ቂጥ ክብ እንደሆነ ያውቃሉና። እዚህ Free Select ይምረጡ፤ ፊደሉ F ነው። ከመሣሪያው ምርጫዎች ውስጥ Mode በሚለው ረድፍ አሁን በተመረጠው ላይ የሚጨምረውን ይጫኑ። ከዚያ ምስሉን ከእጥፍ በላይ አጉልተው የጀበናውን ቂጥ እየተከተሉ ነጥብ በነጥብ ጠቅ ጠቅ ያድርጉ፤ ጥላውን ከብበው ወደ መጀመሪያው ነጥብ ይመለሱና Enter። ነጥቦቹ በተቀራረቡ ቁጥር ክቡ ክብ ይሆናል።

አሁን የተመረጠው ባክግራውንዱ ነው። እኛ የምንፈልገው ጀበናውን ስለሆነ Select ከዚያም Invert እንላለን፤ በኪቦርድ Ctrl+I። ቀጥሎ የነጩ ክር መድኃኒት ይመጣል። የካሜራ ፒክስል ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግማሹ ሸክላ ግማሹ አንሶላ ይሆንና ግራጫ ይወጣል። እነዚህ ግራጫ ፒክስሎች ነጭ ላይ አይታዩም፤ ጥቁር አረንጓዴ ላይ ግን እንደ ክር ያበራሉ። Select ውስጥ Shrink የሚለው የተመረጠውን በጥቂት ፒክስል ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ Feather የሚለው ደግሞ ጠርዙን ያለሰልሰዋል። ፎቶው ወደ 4000 ፒክስል ስፋት ካለው ለሁለቱም 2 ይበቃል። ትንሽ ፎቶ ከሆነ 1 ይሁን። Feather ላይ 10 የሚጽፍ ሰው አጋጥሞኛል፤ ጀበናው ጭጋግ ውስጥ የቆመ ይመስላል።

አሁን Delete አይጫኑ። በሱ ፋንታ Layer፣ Mask፣ ከዚያ Add Layer Mask የሚለውን ይክፈቱና Selection የሚለውን መርጠው ያረጋግጡ። ማስክ ማለት ፎቶው ላይ የሚጋረድ መጋረጃ ነው፤ ጥቁር የሆነበት ቦታ ፎቶውን ይደብቃል፣ ነጭ የሆነበት ያሳያል፣ ግራጫ የሆነበት ደግሞ በከፊል ያሳያል። አንሶላው አልተደመሰሰም፤ ተጋርዷል። ነገ የእጀታው ጫፍ ተቆርጦ ቢያገኙት ማስኩ ላይ በነጭ ብሩሽ ይመልሱታል። በDelete ያጠፉት ግን ፋይሉን ከዘጉ በኋላ አይመለስም።

ውጤቱን ዳማው ላይ መፈተሽ አያዋጣም፤ ዳማው ራሱ ግራጫ ስለሆነ ግራጫውን ክር ይደብቀዋል። አዲስ ሌየር ይፍጠሩ፣ ደማቅ ቀይ ወይም አረንጓዴ ሙሉበት፣ ከጀበናው ሌየር በታች ይጎትቱት። ሁሉም ጉድ ያኔ ይወጣል። የኛ ጀበና ላይ የወጣው አንገቱ በግራ በኩል አንድ ነጭ መስመርና ከሥሩ የቀረች የጥላ ቅራፊ ነበር። የማስኩን ትንሽ ምስል ጠቅ አድርገው ብሩሽ በP ያንሱ፤ ቀለሙን ጥቁር አድርገው በመስመሩ ላይ ያሂዱ። ካለፉ X ይጫኑ፤ ጥቁሩና ነጩ ይለዋወጣሉ፣ ያለፉትን መልሰው ይቀቡታል። እዚህ ላይ የሚሠሩት ስህተት አንድ ነው፦ ማስኩን ሳይሆን ፎቶውን ጠቅ አድርገው መቀባት። ሸክላው ላይ ጥቁር ቀለም ሲፈስ ካዩ Ctrl+Z ብለው ማስኩን ጠቅ ያድርጉ።

በፎቶፒ

መንገዱ በአብዛኛው አንድ ስለሆነ የሚለያይበትን ብቻ ልንገርዎ። ፋይሉን ከፎልደር ጎትተው ብራውዘሩ ገጽ ላይ ይጣሉት፤ ይከፈታል። ሌየሩ Background ተብሎ የቁልፍ ምልክት ይዞ ይቀመጣል፤ ቁልፉን ጠቅ አድርገው ይፍቱት። የአልፋ ቻናል ጣጣ የለም። ለጀማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ፎቶፒን የማስቀድመው ከማንም በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

Fuzzy Select ፎቶፒ ላይ Magic Wand ይባላል፤ ፊደሉ W ነው። W ሲጫኑ ሌላ መሣሪያ ከመጣ፣ መሣሪያው ላይ ማውሱን ተጭነው ሲቆዩ ከሥሩ ያሉት ጓደኞቹ ይዘረገፋሉ። ቁጥሩ Threshold በመባል ፋንታ Tolerance ይባላል፤ ያለውም ከላይ ባለው አግዳሚ ላይ ነው። ጊምፕ ላይ እንዳየነው እየጎተቱ ማስፋት የለም፤ ቁጥሩን መጀመሪያ አስተካክለው ከዚያ ጠቅ ማድረግ፣ ካልሆነም ሰርዘው እንደገና። ጎን ለጎኑ Contiguous የምትል ሳጥን አለች። ምልክት ካለባት ተያይዞ ያለውን ብቻ ይመርጣል። ምልክቱን ቢያነሱት ግን በፎቶው ውስጥ የትም ያለውን ተመሳሳይ ነጭ ይሰበስባል፤ የእጀታው ቀዳዳ በአንድ ጠቅታ ይመረጣል ማለት ነው። ነገር ግን የሆዱ ነፀብራቅም አብሮ ስለሚሄድ፣ ለጀበና ሳጥኗ ምልክት እንዳላት ትቆይ። ያልተሸለተ ወጥ ቀለም ላለው ዕቃ፣ ለምሳሌ ለወንፊት ወይም ለቅርጫት፣ ምልክቱን ማንሳት ብዙ ድካም ያስቀራል።

ከጊምፕ ወደ ፎቶፒ የሚሻገርን ሰው የሚያደናግሩት ቁልፎቹ ናቸው። ጊምፕ ላይ ከተመረጠው ለመቀነስ Ctrl ይያዛል፤ ፎቶፒ ላይ Alt ነው። የባሰው ግን Ctrl+I ነው። ጊምፕ ላይ የተመረጠውን ይገለብጣል ብለናል። ፎቶፒ ላይ የሚገለብጠው ቀለሙን ነው፤ ነጩ አንሶላ በድንገት ጥቁር ይሆናል፣ ፎቶው እንደ ድሮ ፊልም ኔጋቲቭ ይመስላል። ፎቶፒ ላይ የተመረጠውን ለመገልበጥ Shift+Ctrl+I ነው። Ctrl+W ደግሞ ብራውዘሩ ገጹን የሚዘጋበት ቁልፍ ስለሆነ ጣትዎን ይጠብቁ።

ጥላውን ከብቦ ለመቁረጥ እዚህ የሚያገለግለው Polygonal Lasso ነው፤ Shift ይዞ መጀመር፣ ነጥብ በነጥብ መዞር። ከዚያ የተመረጠውን ገልብጠው ሌየሮቹ ከሚዘረዘሩበት ሳጥን ግርጌ ያለውን የማስክ ምልክት አንዴ ጠቅ ሲያደርጉ አንሶላው ይጋረዳል። ጥቁርና ነጭ ብሩሹ፣ X መጫኑ፣ ከሥር ቀይ ሌየር አድርጎ መፈተሹ ሁሉ ጊምፕ ላይ እንዳየነው ነው።

Select በሚለው ሜኑ ውስጥ Remove BG የሚል ትእዛዝም አለ፤ ዕቃውን ራሱ ገምቶ ባክግራውንዱን ያነሳል። ለጀበናው ሞከርኩት፤ አካሉን በደንብ ለየው። እጀታውና ጥላው ያለበት ቦታ ግን መፈተሽ ነበረበት፤ መፈተሽ ካለበት ደግሞ ማስክና ብሩሽ ማወቅ አይቀርም።

ፀጉርና ነጠላ

ጀበና ጠርዙ ቁርጥ ያለ ነው። ሴትየዋ ቀጥላ የላከችው ፎቶ ግን የልጇ ነበር፤ ፀጉሯ ጎፈሬ፣ ትከሻዋ ላይ ነጠላ። እዚህ ላይ Fuzzy Selectም Magic Wandም አይረዱም። የጎፈሬ ጠርዝ መስመር የለውም፤ በፀጉር መሃል ግድግዳው ይታያል፣ አንዳንዱ ፒክስል ሩቡ ፀጉር ሦስት ሩቡ ግድግዳ ነው። በነጥብ ከከበቡት ልጅቷ ባርኔጣ ያጠለቀች ትመስላለች።

ሁለቱም ፕሮግራሞች ለዚህ የሚጠቀሙበት ሐሳብ አንድ ነው። ተጠቃሚው ፎቶውን ለሦስት ይከፍልላቸዋል፦ በእርግጥ ሰውየው የሆነ፣ በእርግጥ ባክግራውንድ የሆነ፣ እና የማይታወቅ። ፕሮግራሙ የሚያሰላው ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ በዚያ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ፒክስል ከሁለቱ ወገኖች ቀለም ጋር እያመሳከረ ምን ያህሉ ፀጉር እንደሆነ ይገምታል።

ጊምፕ ላይ መሣሪያው Foreground Select ይባላል። ልጅቷን ሰፋ አድርገው ይከቧታል፣ Enter ሲጫኑ ከክቡ ውጪ ያለው በቀለም ይሸፈናል። ከዚያ ፊቷን፣ አንገቷንና የፀጉሯን ወፍራም ክፍል በብሩሽ ይሰርዛሉ፤ ይህ በእርግጥ እሷ ነው ማለት ነው። የፀጉሯን ጫፍ ግን አይነኩም፤ ያ የማይታወቀው ክፍል ነው። Preview mask የሚለው ውጤቱን ያሳያል። ትልቅ ፎቶ ላይ ደካማ ኮምፒውተር ብዙ ያስጠብቃል፤ የተሰቀለ መስሏቸው የሚዘጉት ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ፎቶውን አስቀድሞ ወደ 1500 ፒክስል ማሳነስ ጥበቃውን በእጅጉ ያሳጥረዋል።

ፎቶፒ ላይ መጀመሪያ ልጅቷን በግምት ይመርጣሉ፤ Quick Selection ለዚህ ይበቃል። ከዚያ Refine Edge ይጫኑ። አዲስ መስኮት ይከፈትና ሦስቱ ክፍሎች በነጭ፣ በጥቁርና በግራጫ ይታያሉ፤ ጎን ለጎን ደግሞ ውጤቱ። ግራጫውን ብሩሽ ይዘው የጎፈሬውን ዙሪያ ሲቀቡ ፀጉሩ በቀኝ በኩል ክር በክር ሲለይ ያያሉ። በዚህ ሥራ ላይ ፎቶፒ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የሦስቱ ክፍሎች ካርታና ውጤቱ በአንድ ጊዜ ዓይን ስር ስለሆኑ ጀማሪው ብሩሹ ምን እንደሚያደርግ ሳይነገረው ይገባዋል። ግራጫው ሰፊ ከሆነ ስሌቱ ግድግዳውንም እንደ ፀጉር ይቆጥራል፤ ጭስ የመሰለ ነገር ከታየ ግራጫው በዝቷል፣ በጥቁር ይመልሱት።

ነጠላው ግን ለሁለቱም አልተበገረም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ነጠላ ነጭ ነው፣ ግድግዳውም ነጭ ነው። ጥበቡ በቀለሙ ይለያል፤ ከጥበቡ በላይ ያለው ሸማ ግን ከግድግዳው የሚለይበት ቀለም የለውም፤ ቀለም የሚያነጻጽር ማንኛውም ስሌት እዚህ ያበቃል። ያለው አማራጭ ጠርዙን በእጅ መሳል ነው፤ ጊምፕ ላይ Paths በሚባለው፣ ፎቶፒ ላይ ደግሞ Pen በሚባለው መሣሪያ። ሁለተኛ፣ ነጠላ ያሳልፋል። ስስ ስለሆነ ግድግዳው በውስጡ ይታያል፤ በትክክል ቆርጠው ሰማያዊ ላይ ቢያስቀምጡት ሸማው ደፋን ያለ አቡጀዲ ይመስላል። የማስኩን ያንን ክፍል በቀላል ግራጫ መቀባት ሰማያዊው በጥቂቱ እንዲያሳልፍ ያደርጋል፤ ግን በስሱ፣ በትልቅና ለስላሳ ብሩሽ።

ከሁሉ የሚሻለው መልስ ያለው ከኮምፒውተሩ ውጪ ነው። ልጅቷ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብላ፣ ከጀርባዋ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ጨርቅ ተሰቅሎ ብትነሳ፣ የነጠላው ጠርዝ በጥቂት ጠቅታ ይለያል፣ ጥላዋም ጨርቁ ላይ አያርፍም። ይህን ስነግራት ሴትየዋ «ታዲያ እኔ ነጩን አንሶላ የሰቀልኩት ንጹህ እንዲሆን ብዬ ነው» አለች። ለጀበናው ልክ ነበረች።

ማስቀመጥና መላክ

ሁለት ፋይል ያስፈልጋል፤ አንዱ የሥራው፣ አንዱ የሚላከው። ጊምፕ ላይ Save የሚለው ሌየሩንና ማስኩን ሳያበላሽ .xcf አድርጎ ያስቀምጣል። ፎቶፒ ላይ ደግሞ Save as PSD የሚለው ነው፤ ፎቶፒ ሥራው ብራውዘሩ ውስጥ ስለሆነ ያላስቀመጡት ገጹ ሲዘጋ ይጠፋል፣ መብራት ሲሄድም እንዲሁ። የሚላከውን ለማውጣት መጀመሪያ የመፈተሻውን ቀይ ሌየር በዓይን ምልክቱ ይደብቁት። ከዚያ ጊምፕ ላይ Export As ብለው ስሙን `jebena.png` ብለው ይጻፉ፤ ፎቶፒ ላይ File፣ Export as፣ PNG። መጨረሻው .png መሆኑ ግድ ነው። .jpg ብለው ካወጡት ቀድሞ ያልነው ነገር ይመጣል፤ ጄፔግ ባዶነትን የሚመዘግብበት ቦታ ስለሌለው ባዶው ሁሉ በአንድ ቀለም ይሞላል።

ሴትየዋም ያጋጠማት ይኸው ነበር። ፒኤንጂው በትክክል ተልኮላት ለደንበኛ ስታስተላልፈው ግን እንደ ፎቶ ላከችው፤ ቴሌግራም ፎቶ የተባለን ሁሉ ወደ ጄፔግ ስለሚቀይር ባዶው ቦታ ጠፋ። እንደ ፋይል ስትልከው ተስተካከለ። ጀበናውን ስቲከር ማድረግ ከፈለገች ደግሞ ቴሌግራም የሚቀበለው አንዱ ጎኑ በትክክል 512 ፒክስል፣ ሌላው ከዚያ ያልበለጠ ፒኤንጂ ወይም ዌብፒ ነው፤ ጀበና ቁመቱ ስለሚበልጥ ቁመቱን 512 ማድረግ ነው፣ ስፋቱ ራሱ ይከተላል።